ቤታችን የየትኛው ወረዳ ነው? አንድ ጥያቄ፣ 31 መልስ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ልጄ በተወለደች በ58ኛው ቀን ነው። ሌሊት እያጠባሁ በአንድ እጄ ጻፍኩት። ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ስለሆነ 32 ቀን ብቻ ቀርቶኛል። ቤታችን የሚገኘው በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ከተነኩት ሰፈሮች በአንዱ ነው። የሠራው ሟች አባቴ ነው። ሁለት ወረዳዎች ደግሞ እየተቀባበሉ መለሱኝ። አንደኛው ቤቱ እኛ ጋ የለም አለ። ሌላኛው ደግሞ የአንቺ የነዋሪነት ቅጽ ቢኖርም ቤቱ እዚህ የለም አለ። በጥያቄዬ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቤት የየትኛው ወረዳ እንደሆነ በወረቀት የሚታወቀው በምንድን ነው?

በእጄ ያሉትን ወረቀቶችም ዘረዘርኩ። አንደኛው የአባቴ የድሮ ካርታ ነው፤ ወረዳ 17 እና ቀበሌ ይላል እንጂ ክፍለ ከተማ የለውም። ሁለተኛው የእናቴ የቆየ መታወቂያ ነው፤ ቦሌ ክፍለ ከተማ ይልና የቀበሌው ቁጥር በእዝባር የተከፈለ ድርብ ቁጥር ነው። ሦስተኛው በ2008 የታደሰው ካርታ ነው፤ ቦሌ ክፍለ ከተማና ወረዳ ይላል፣ ቀበሌ የለውም። በሩ ላይ ያለው የቤት ቁጥር ደግሞ ከሦስቱም ጋር አይገጥምም።

መልስ 1 እና 2 የመጡት ወዲያው ነው። ሁለቱም እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው ጀመሩ። ከዚያ አንዷ የመብራት ደረሰኝ ይዤ እንድሄድ መከረችኝ። ሌላው የውሃ ቢል ይሻላል አለ። መልስ 3 ሁለቱንም በትህትና አረማቸው። መብራት በራሱ ዲስትሪክት፣ ውሃ በራሱ ቅርንጫፍ ነው የሚሠራው፤ ወሰናቸው ከክፍለ ከተማ ወሰን ጋር አይገናኝም። ቢሉ ላይ መገናኛ የሚል ቅርንጫፍ ስለተጻፈ ቤቱ መገናኛ ነው ማለት አይደለም፤ መገናኛ የሚባል ክፍለ ከተማም የለም። እዚያ ቤት እንደምትኖሪ ለማሳየት ይጠቅም ይሆናል፣ ወረዳውን ግን አይነግርሽም አለኝ። ይህ እውነት ነው። እኔም ቢሉን ይዤ ሄጄ ባለሙያዋ ሳታየው መልሳልኛለች።

መልስ 4 ጥያቄዬን ፓስፖርት የማውጣት መስሎት ስለ ቀጠሮ አያያዝ ረጅም ማብራሪያ ጻፈ። ማንም አላቋረጠውም፤ መልስ 5 ግን አመስግኖት፣ የተጠየቀው የልደት ምዝገባ መሆኑን አስታወሰው።

መልስ 6 ልብ የሚነካ ጥያቄ አነሳች። በእርግጥ እዚያ ቤት ነው ወይ የምትኖሪው፣ ወይስ ለአራስነት እናትሽ ጋ መጥተሽ ነው? ልደት የሚመዘገበው ወላጆች በመደበኛነት በሚኖሩበት ነው እንጂ እናት በታረሰችበት አይደለም አለች። እሷ ራሷ እናቷ ጋ ታርሳ፣ እናቷ ሰፈር ለማስመዝገብ ስትሞክር ሦስት ሳምንት ጠፍቶባታል። እኔና ባለቤቴ ግን ከአምና መጋቢት ጀምሮ ጠቅልለን የገባነው እዚሁ ነው። የእኔ ቅጽም ከልጅነቴ ጀምሮ በዚሁ ቤት ነው። ይህን መለስኩላት። ጥያቄዋ ግን ትልቅ ነገር አስነሳ። የቤቱ ወረዳና የሰውየው ቅጽ ያለበት ወረዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ እንደሚችሉ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

መልስ 7 በራሱ የሚተማመን ወጣት ነው። ይሄ ሁሉ ምን አስፈለገ፣ የታደሰው ካርታ ላይ የቤቱን ቦታ የሚያሳዩ የኮኦርዲኔት ቁጥሮች አሉ፣ እነሱን ቀይረሽ ስልክሽ ላይ አስገቢ አለኝ። የሚቀይርበትንም ድረ ገጽ ላከልኝ። አደረግኩት። ምልክቱ ያረፈው ከቤታችን በስተ ደቡብ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ማዶው ደግሞ የሌላኛው ወረዳ ነው። በቃ ለዚህ ነው እዚህ ያላገኙን ብዬ ሁለት ቀን አመንኩ። ባለቤቴንም ላክሁት፤ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ባዶ እጁን ተመለሰ።

መልስ 8 ስለ ገንፎ ነው። ቅቤው ቢበዛ ለጡት ጥሩ ነው አለች። ከእሷ በኋላ ሦስት ሰዎች በገንፎ ተከራከሩ። እነዚህን ቁጥር ውስጥ አላስገባኋቸውም፤ የመድረኩ አስተባባሪ ወደ ሌላ ክር ወሰዳቸው።

ነገሩን የፈታው መልስ 9 ነው። በቀድሞ ቀበሌ መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት የሠሩ ጋሼ ናቸው። ጽሑፋቸው ረጅም ነው፤ ግን አንድም ቃል አይጣልም። መጀመሪያ ያሉት፣ ቁጥሩን ሳይሆን ወረቀቱ ላይ አብረው የተጻፉትን ቃላት እዩ ነው። ከፍተኛ እና ቀበሌ የሚል ወረቀት የደርግ ዘመን ነው። ወረዳ እና ቀበሌ ብሎ ክፍለ ከተማ የሌለው ከ1995 በፊት ያለው ነው፤ ያኔ ከተማዋ 28 ወረዳ ነበራት፣ ቁጥሩም ለመላ ከተማዋ አንድ ነበር። በ1995 10 ክፍለ ከተሞች መጡ። ድሮ የነበሩት ቀበሌዎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ስለተዋሃዱ በእዝባር የተጻፈ ድርብ ቁጥር የዚያ ዘመን ምልክት ነው። ክፍለ ከተማና ወረዳ ብሎ ቀበሌ የሌለው ደግሞ ከ2003 ወዲህ ነው፤ ያኔ ቀበሌዎቹ ቀርተው 116 ወረዳዎች ተቋቋሙ። በ2013 ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሲሆን የብዙ ቤት አድራሻ እንደገና ተቀየረ።

ስለዚህ ልጄ አሉኝ፣ የአባትሽ ካርታ ላይ ያለው ወረዳ 17 እና የዛሬው ወረዳ በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። የዛሬ ወረዳ ቁጥር በየክፍለ ከተማው ከ01 ይጀምራል። ክፍለ ከተማው ካልተጠራ ወረዳ 05 ማለት ምንም ማለት አይደለም። የድሮው ወረዳ 17 ግን ከተማዋ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የ1980ዎቹን ወረቀት ይዞ የዛሬውን ወረዳ ይፈልጋል።

ሦስቱን ወረቀቶቼን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። አንድ ቤት ነው፣ ሦስት ዘመን ነው። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። ቀበሌው የተዋሃደ ጊዜ ስብሰባ ጠርተውን ነበር አለችኝ።

መልስ 10 ከዋሽንግተን አካባቢ ነው የጻፈችው። በእናቷ ስም ያለውን ቤት ለወንድሟ በውክልና ልትሰጥ ፈልጋ፣ ከድሮው ካርታ ላይ ወረዳ 17 የሚለውን እንዳለ ገልብጣ ውክልናው ውስጥ አስገባች። ወረቀቱ አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ፤ ቤቱ ያለበት ክፍለ ከተማ አልተጠቀሰም ተባለች። ሁለተኛ ጊዜ ስትጽፍ የድሮውንም የአሁኑንም አድራሻ አብራ አስገባች፤ የቀድሞው ይህ፣ የአሁኑ ይህ ብላ። ያኔ አለፈ። ውጭ አገር ላላችሁ ሁለቱንም ጻፉ ነው ያለችው። እኔም እስማማለሁ።

መልስ 11 እና 12 ላይ ድምፁ ከፍ አለ። 11 ኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ባለ ዕጣ ነው። እሱ ዕጣ የወጣለት በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በ2014 ነሐሴ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲካለል ሰፈሩ ወደ ኦሮሚያ ሆነ፤ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነው። የአንቺ ወረዳ ነው የተምታታው፣ የእኔ ክልሉ ነው አለኝ በምሬት። 12 ደግሞ በጣም ተቆጥቶ መለሰለት። ቃላቱን አልደግማቸውም። ነገሩ ወደ ፖለቲካ ሄደ፣ አስተባባሪውም አራት መልስ አጠፋ። የ11 ጥያቄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ መልስም አላገኘም። መታወቂያው ከአንዱ ከተማ፣ ቤቱ ከሌላው ሆኖ ልጁን የት ያስመዝግብ? ይቅርታ ጠይቄው በውስጥ መስመር ጻፍኩለት። እስካሁን እየተመላለሰ ነው።

መልስ 13 አጭር ነው፤ ፋይዳ አውጪና ተገላገይ የሚል። መልስ 14 ቆጣ ብላ መለሰችለት። ፋይዳው ላይ የሚወጣው አድራሻ ሲመዘገቡ የተሰጠው ነው፤ የቤቱን ማህደር ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ አያዛውርም። እሷ ፋይዳ አላት፤ ወረዳዋ ግን እንደኔው ተምታቷል። ወሬ ከምታበዛ ጥያቄውን አንብብ አለችው። ትንሽ ከረር ያለ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው።

መልስ 15 ቀያሽ ነው። በመልስ 7 ላይ ሲመለስ በጣም ጨዋ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም አለ፤ ወረዳ ቢቀያየርም ኮኦርዲኔት አይቀየርም። ችግሩ ካርታችን የተሠራበት የልኬት መነሻና ስልካችን የሚጠቀምበት መነሻ መለያየታቸው ነው። የካርታው ቁጥር የተሠራው አዲንዳን በሚባለው መነሻ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩ ግን የሚያነበው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። መነሻውን ሳይቀይሩ እንዳለ ካስገቡት ምልክቱ ከትክክለኛው ቦታ ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሚሸሸው ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ ነው። ምልክትሽ ከወንዙ ማዶ ወደ ደቡብ ካረፈ ይኸው ነው አለኝ።

እንዴት እንደማረጋግጥም ነገረኝ። ስልኬን ይዤ በራችን ላይ ቆሜ ስልኩ የሚሰጠኝን ቁጥር በዚያው ድረ ገጽ ቀይሬ ከካርታው ጋር ላመሳክር። በነጋታው ልጄን አዝዬ በሩ ላይ ቆምኩ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ወደ ሰሜን ከ200 ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል፣ ወደ ምሥራቅ ወደ 90 ሜትር። እሱ እንዳለው ነው። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ ነው። ባለቤቴ ያን ግማሽ ቀን የተሰለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 7 ተመልሶ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይህን ሳያውቅ ለብዙ ሰው እንደመከረም ተናገረ። በዚህ መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አላየሁም፤ አከበርኩት።

መልስ 16 እስከ 19 ስለ ወንዝ ነው። አንዱ የወረዳ ወሰን ሁልጊዜ ወንዝ ወይም ዋና መንገድ ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ ሁልጊዜ አይደለም፣ በእነሱ ሰፈር ወሰኑ በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው፣ የመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ወረዳ ነው አለች። እሷ ያለችው መንገድ ላይ ዕድር እንኳ ሁለት ሆኗል። 19 ጎረቤትሽን ጠይቂ አለ። መንገድ ያልተሻገረ፣ ከአንቺ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ በቅርብ መታወቂያ ያሳደሰ ጎረቤት ካለ መታወቂያው ላይ ያለው ወረዳ በአብዛኛው የአንቺ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ግን አላሰብኩትም ነበር። የጎረቤታችንን ልጅ ጠየቅኩት። አምና ያሳደሰው መታወቂያ ከመጀመሪያው ወረዳ ነው። ቤቱ እኛ ጋ የለም ካለኝ ወረዳ ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ ጋሼ በመልስ 20 ተመለሱ። እንግዲያው ቤቱ ጠፍቶ አይደለም፣ በአዲሱ ቁጥር ስለፈለጉት ነው አሉ። ቀጥሎ የጻፉትን ሌላም ሰው እንዲጠቀምበት በደንብ ልንገራችሁ። መታወቂያ ወይም የልደት ወረቀት ልጠይቅ መጣሁ ብለሽ አትጀምሪ አሉኝ። እንዲያ ካልሽ ባለሙያው የሚያየው የአንቺን ቅጽ ነው፣ ካላገኘ ይመልስሻል። መጀመሪያ የቤቱን መዝገብ ጠይቂ። የድሮውን ቀበሌና የድሮውን የቤት ቁጥር ስጫቸው። መዝገቡ የተከፈተው በድሮው ቁጥር ስለሆነ አዲሱ ከጎኑ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ቤቱ ከተገኘ በኋላ የቀድሞው አድራሻና የአሁኑ አንድ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በማህተም ጠይቂ። የአንቺ ቅጽ ሌላኛው ወረዳ ከቀረ ደግሞ በዚያ ደብዳቤ ከዚያ መሸኛ ታወጫለሽ። ቤቱ በመጀመሪያ፣ ሰው በሁለተኛ።

የድሮው የቤት ቁጥር ግን አልነበረኝም። በሩ ላይ ያለው 1208 አዲሱ ነው። እናቴ የድሮው ታርጋ በሩ ሲቀባ አብሮ ተቀባ አለች። አባቴ በሩን አረንጓዴ የቀባው እኔ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከማጠፊያው በላይ ትንሽ አራት ማዕዘን እብጠት ነበረች፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳያት ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር። በአንድ ብር ሳንቲም ቀስ እያልኩ ፋቅኳት። መጀመሪያ 3 ወጣ፣ ከዚያ 4፣ መጨረሻው በዝገት ተበልቶ 6 ይሁን 8 አይለይም። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት። መልስ 21 እስከ 23 በዚያ ቁጥር ላይ ተከራከሩ። አብዛኛው 6 ነው አለ። ሁለቱንም ይዤ ልሂድ ወሰንኩ።

ሄድኩ። 346 ስል ባለሙያዋ ከመደርደሪያው ላይ ጠርዙ የተነካካ ትልቅ መዝገብ አወረደች። ድሮ ቀበሌው የነበረውን ገልጣ በጣቷ ወደ ታች ወረደች። የአባቴ ስም ነበር። ከጎኑ በሰማያዊ እስክሪብቶ 1208፣ ከዚያ ቀጠናውና ብሎኩ። ቤቱ እኛ ጋ የለም ተብዬ የተመለስኩበት ያው ቢሮ ነው። ባለፈው ያየኝ ሌላ ሰው ነበር፤ የፈለገው በኮምፒውተር ውስጥ ያለውን አዲሱን ቁጥር ነው። እኛ ገና አልገባንበትም። ተናደድኩም፣ አለቀስኩም። ባለሙያዋ ውሃ ሰጠችኝ፣ ደብዳቤውንም በዚያኑ ቀን ጻፈችልኝ።

ሌላኛው ወረዳ ጋ የቀረው የእኔ ቅጽ ነበር። ክፍለ ከተማው ሲከፈል የእኛ መንገድ ቤቶች ማህደር ሲዛወር፣ የእኔና የእህቴ ቅጽ ከእናቴ ተነጥሎ ቀርቷል። ለምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ደብዳቤውን አሳይቼ መሸኛ ለማግኘት አራት ቀን ፈጀ። የባለቤቴ መሸኛ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ስለነበር እሱ አላስቸገረም። የልጄ ልደት የተመዘገበው በ79ኛው ቀኗ ነው። ሆስፒታሉ የሰጠንን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ተቀበሉን፤ አድራሻው ላይም አዲሱ ወረዳ ተጻፈ።

ይህን በክሩ ላይ ስጽፍ ደስታው ብዙ ነበር። መልስ 24 እስከ 28 እልልታ ነው። ስለ ስሟም ጠየቁኝ። መልስ 29 ግን ደስ አላለውም። እንዴት አንድ ዜጋ በሩን በሳንቲም ፍቆ አድራሻውን ይፈልጋል፣ ይሄ እኮ እልል የሚባልበት አይደለም አለ። ጋሼ በመልስ 30 መለሱለት። መዝገቡን ያስተካከሉት ከብዙ ሰው ጋር በእጃቸው ነው፤ በየመዋቅሩ ለውጥ ቁጥሩ ሲቀየር የድሮውን ከአዲሱ የሚያገናኝ ዝርዝር ለሕዝብ ተለጥፎ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አሉ። ዝርዝሩ በየቢሮው አለ፣ ግን ግድግዳ ላይ አይደለም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። 29 በዚህ ተስማማ። እኔም እንደሱ ነው የማምነው። የከተማው ሰው ሁሉ የሚያየው ዝርዝር መሆን አለበት፤ አራስ ይዞ የሚመላለስ ሰው የሚያውቅ ጋሼ እስኪያጋጥመው መጠበቅ የለበትም።

መልስ 31 የመጣው ትናንት ማታ ነው። ከእኛ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ የምትኖር ሴት ናት፤ ፎቶው ላይ በሩን አይታ አወቀችኝ። የእሷ በር ላይ ሁለት ታርጋ አለ፣ ሁለቱም ይነበባሉ፤ ግን አንደኛው እኛ ወረዳ፣ አንደኛው ማዶው ወረዳ መዝገብ ላይ አለ። እናቷ በአንዱ፣ እሷ በሌላው ነው መታወቂያ ያላቸው። ጋሼ እስካሁን አልመለሱላትም። ሰኞ ጠዋት የልጄን ክትባት ካስጨረስኩ በኋላ መዝገቡን አብረን ልናስገልጥ ተቀጣጥረናል።